ኢንቮይስ ላይ የቫት ቁጥሩ ፊት ያሉት ሁለት ፊደላት ስለ አቅራቢያችሁ አገር ምን ይነግሯችኋል? ከ DE እስከ EL ደረጃ በደረጃ

ጀርመን ውስጥ ለተወሰኑ የሀበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሒሳብ እይዛለሁ፣ እና በየወሩ የሚመጣልኝ የኢንቮይስ ክምር ውስጥ ሁሌ ያው ስህተት አለ። ባለሱቁ ቁጥሩ DE ብሎ ከጀመረ "የጀርመን ድርጅት ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ የግሪኩን ደግሞ GR ብሎ ይፈትሽና ልክ አይደለም ሲለው አቅራቢውን ሌባ ያደርገዋል፣ ከለንደን የመጣውን GB እንደ ድሮው ከሆላንዱ ጋር አንድ ላይ ይከምረዋል። ስለዚ የምሰራበትን ቅደም ተከተል እንዳለ ጻፍኩት።

ከሁሉ በፊት ግን ይቺን ያዙ፦ ሁለቱ ፊደላት የሚናገሩት ቁጥሩን የሰጠው የየትኛው አገር ግብር ቢሮ እንደሆነ ብቻ ነው። ድርጅቱ የት እንደተቋቋመ አይናገሩም፣ ዕቃው ከየትኛው መጋዘን እንደተነሳም አይናገሩም። ብዙ ጊዜ ሶስቱም አንድ አገር ስለሚሆኑ ልዩነቱ አይታየንም፣ ጉዱ የሚወጣው ሲለያዩ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት እነዚን አዘጋጁ

ኢንቮይሱን ራሱን። በዋትሳፕ የተላከ ደብዛዛ ፎቶ አይሆንም፣ ፒዲኤፉን አስልኩ። ዜሮና O፣ 8 እና B፣ 1 እና I ፎቶ ላይ አይለዩም፣ አንዷ ከተሳሳተች ደግሞ ሁሉም ነገር ልክ አይደለም ይላችኋል።

የራሳችሁን የቫት ቁጥር። አውሮፓ ህብረት ውስጥ ከሆናችሁና ካላችሁ ማለት ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 4 ላይ ታያላችሁ።

የዕቃው መጫኛ ወረቀት። ዕቃው ከየት ከተማ እንደተጫነ የሚለውን ወረቀት ከሹፌሩ ተቀበሉ፣ ወደ ቅርጫት አትጣሉት። ደረጃ 6 ላይ ያለሱ መፍረድ አይቻልም።

## ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ቁጥር ለዩ

የአውሮፓ ኢንቮይስ ግርጌ ላይ አራት አምስት ቁጥር ተደርድሮ ታገኛላችሁ፣ ገሚሱም በሁለት ፊደል ነው የሚጀምረው። የምትፈልጉት ከነዚህ መጠሪያዎች አጠገብ ያለውን ነው፦

```
DE   USt-IdNr.
NL   btw-id
FR   N° TVA
IT   P. IVA
ES   NIF
SE   Momsreg.nr
EL   ΑΦΜ
```

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሶስት ቁጥሮች ነው።

አንደኛው የባንክ ቁጥሩ ነው፣ IBAN የሚለው። እሱም በአገር ፊደል ይጀምራል ግን የሚነግራችሁ *ባንኩ* የት እንዳለ ነው። የሆላንድ ድርጅት LT የሚል የሊትዌኒያ ባንክ ቁጥር ቢኖረው አትደንግጡ፣ ኦንላይን ባንክ ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው EORI የሚለው የጉምሩክ ቁጥር ነው። እሱም በሁለት ፊደል ይጀምራል፣ ግን ለጉምሩክ እንጂ ለቫት ማረጋገጫ አይሆንም።

ሶስተኛው የጀርመኑ Steuernummer ነው። ፊት ለፊቱ ፊደል የለውም፣ ብዙ ጊዜ በመሀሉ እዝባር አለው። ትናንሽ የጀርመን ነጋዴዎች እሱን ብቻ ይጽፋሉ፣ ጀርመን ለጀርመን ሲሸጥ ይፈቀዳል። ፊቱ ላይ DE ለጥፋችሁ ግን ልትፈትሹት አትሞክሩ፣ ሌላ ቁጥር ነው፣ መቼም አይሰራም።

ከተበላሸ፦ ኢንቮይሱ ላይ የቫት ቁጥር ጭራሽ ከሌለና ዕቃው ከሌላ የህብረቱ አገር ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ከተከፈለ በኋላ ኢሜል የሚመልስ አቅራቢ ብርቅ ነው።

## ደረጃ 2፦ ሁለቱን ፊደላት አንብቡ

ደንቡ ቀላል ነው፣ ዓለም አቀፉ የሁለት ፊደል የአገር ኮድ ነው የሚሰራው፣ አንድ አገርና አንድ ክልል ብቻ ከደንቡ ወጣ ይላሉ። ችግሩ ኮዱ የሚወጣው እኛ አገሩን ከምንጠራበት ስም ስላልሆነ ነው። ጀርመን DE የሆነችው ዶይችላንድ ስለሆነች ነው፣ ክሮኤሺያም HR የሆነችው በራሷ ቋንቋ ህርቫትስካ ስለምትባል ነው።

የኛ ሰው ሲያቀላቅል ያየኋቸው እነዚ ናቸው፦

- AT ኦስትሪያ ናት። አውስትራሊያ እዚህ ውስጥ የለችም።
- SE ስዊድን ናት። ስዊዘርላንድ ህብረቱ ውስጥ አይደለችም፣ የሷ ቁጥር በሶስት ፊደል CHE ብሎ ነው የሚጀምረው።
- EE ኢስቶኒያ፣ ES ስፔን።
- SI ስሎቬኒያ፣ SK ስሎቫኪያ።
- LT ሊትዌኒያ፣ LV ላትቪያ፣ LU ሉክሰምበርግ።

ከደንቡ የወጣችው አገር ግሪክ ናት። በሌላው ቦታ ሁሉ GR ናት፣ በቫት ቁጥር ግን EL፣ ኤላስ ከሚለው የራሷ ስም የመጣ ነው። ስለዚ ከአቴንስ የመጣ አንድ ኢንቮይስ ላይ የቫት ቁጥሩ EL፣ የባንክ ቁጥሩ GR ሊል ይችላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ደንበኛዬ በዚህ ምክንያት የወይራ ዘይት ክፍያ ሁለት ሳምንት አግዶ ነበር፣ "ሁለት አገር ነኝ የሚል ሰው አላምንም" ብሎ። እንዲያውም GR የሚል የቫት ቁጥር ካያችሁ ነው መጠየቅ ያለባችሁ፣ ሰውየው ካልቸኮለ በቀር እንደሱ አይጽፍም።

ክልሏ ደግሞ ሰሜን አየርላንድ ናት፣ ኮዷ XI ነው፣ ከጃንዋሪ 1 2021 ጀምሮ። እንግሊዝ ከህብረቱ ስትወጣ GB አብሮ ወጣ፣ ሰሜን አየርላንድ ግን *ለዕቃ ብቻ* እንደ ህብረቱ አካል ቀረች። አንድ የቤልፋስት ነጋዴ ያንኑ ዘጠኝ አሃዝ አንዴ በ GB አንዴ በ XI ሊጽፈው ይችላል፦ ዕቃ ከሸጠላችሁ XI ነው፣ አገልግሎት ከሆነ ግን እሱም እንደ ለንደኑ GB ሆኖ ነው የሚታየው። የደብሊኑ አየርላንድ ከዚህ ጋር አይነካካም፣ እሱ IE ነው።

## ደረጃ 3፦ ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ከፊደሉ ጋር ይስማማል?

ወደ ኢንተርኔት ከመግባታችሁ በፊት በዓይን የሚደረግ ማጣሪያ ነው። እያንዳንዱ አገር የራሱ ቅርጽ አለው። 9 ያልኩት ማንኛውም አሃዝ፣ X ያልኩት አሃዝ ወይም ፊደል ነው፦

```
DE999999999
NL999999999B01
ATU99999999
FRXX999999999
ESB99999999
SE999999999901
BE9999999999
EL999999999
```

ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም፣ ከምትገዙባቸው ሁለት ሶስት አገሮች ያለውን ብቻ እወቁ። ጥቂት ማስታወሻ፦

የኦስትሪያ U የቁጥሩ አካል ናት፣ ሰው ትርፍ ፊደል መስላው ይጥላታል። አትጣሏት።

የሆላንድ ቁጥር መሀሉ ላይ B አለበት፣ ከሱ በኋላ ሁለት አሃዝ። ከጃንዋሪ 1 2020 ጀምሮ የግል ነጋዴዎች አዲስ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ የድሮው ከግል መታወቂያ ቁጥራቸው የተሰራ ስለነበር ነው። አሮጌ ቴምፕሌት የሚጠቀም ነጋዴ አሁንም የድሮውን ሊጽፍ ይችላል፣ ስትፈትሹት ልክ አይደለም ይላል፣ አዲሱን ጠይቁት።

የቤልጂየም ቁጥር አስር አሃዝ ነው። አሮጌ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ካገኛችሁ ፊቱ ላይ ዜሮ ጨምሩ።

የስፔን ቁጥር ላይ ከ ES ቀጥሎ ያለችው ፊደል ስለ ድርጅቱ ዓይነት ታወራለች፦ B ከሆነ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር፣ A ከሆነ አክሲዮን። X ወይም Y ከሆነች ስፔን የሚኖር የውጭ ዜጋ በግሉ የሚነግድ ነው ማለት ነው። ኢንቮይሱ ላይ ትልቅ የኩባንያ ስም ተጽፎ ቁጥሩ X ከሆነ ቆም በሉ።

የፈረንሳይ የመጨረሻ ዘጠኝ አሃዞች SIREN የሚባለው የድርጅቱ ምዝገባ ቁጥር ናቸው፣ እነሱን ብቻ ወስዳችሁ የፈረንሳይ ድርጅት መዝገብ ላይ ስትፈልጉ ስሙ ይወጣል።

## ደረጃ 4፦ VIES ላይ ፈትሹ

VIES የአውሮፓ ኮሚሽን ነጻ መፈተሻ ነው። የራሱ ትልቅ ቋት የለውም፣ ጥያቄያችሁን ተቀብሎ ወደዛ አገር ግብር ቢሮ ሰርቨር ይልካል፣ መልሱን ይዞላችሁ ይመጣል። ይሄን ማወቅ ደረጃ 5 ላይ ይጠቅማችኋል።

1. ከዝርዝሩ አገሩን ምረጡ። ሁለቱ ፊደላት የሚገቡት እዚህ ነው፣ ስለዚ ግሪክን ስትመርጡ EL ነው የምታገኙት።
2. ቀሪውን ቁጥር ያለ ሁለቱ ፊደላት፣ ያለ ነጥብና ያለ ክፍት ቦታ አስገቡ። የኦስትሪያ U ግን አብራ ትገባለች።
3. ከታች የራሳችሁን አገርና ቁጥር የሚጠይቅ ቦታ አለ፣ ግዴታ አይደለም ይላል፣ እናንተ ግን ሙሉት። ከሞላችሁት መልሱ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ይወጣል፣ በዚ ቀን ፈትሻችሁ እንደነበር ማስረጃችሁ ነው።
4. መልሱን በፒዲኤፍ አስቀምጡ፣ ከኢንቮይሱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ።
5. ስምና አድራሻ ከወጣ ከኢንቮይሱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። አጭበርባሪ የሚጠቀመው የፈጠራ ቁጥር አይደለም፣ *የሌላ ሰው ትክክለኛ* ቁጥር ነው። "ልክ ነው" ማለቱ ብቻ የናንተ ሰውዬ ነው ማለት አይደለም።

ጀርመን ስምና አድራሻ በ VIES አትሰጥም፣ ባዶ ሰረዝ ነው የምታዩት። ያ ስህተት አይደለም። የ DE ቁጥር ባለቤትን ለማየት ድርጅቱ ድረገጽ ግርጌ ላይ Impressum የሚለውን ክፈቱ፣ ቁጥሩ ያለው ድርጅት እዛ ላይ መጻፍ በህግ ግዴታው ነው። እናንተ ጀርመን ሆናችሁ የሌላ አገር ቁጥር የምትፈትሹ ከሆነ ደግሞ የፌዴራሉ ማዕከላዊ የግብር ቢሮ BZSt ድረገጽ ላይ ስምና አድራሻውን ራሳችሁ አስገብታችሁ ይገጥማል አይገጥምም የሚል መልስ ታገኛላችሁ፣ እኔ ለአዲስ አቅራቢ ሁሌ እሱን ነው የምጠቀመው።

## ደረጃ 5፦ "ልክ አይደለም" ካለ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ

መጀመሪያ፣ በእውነት ልክ አይደለም ነው ያለው? የዛ አገር ሰርቨር ተቋርጦ ከሆነ መልሱ "አሁን መልስ መስጠት አይቻልም" ዓይነት ነው፣ ቀይ ስለሆነ ብቻ ሰው ተሳሳተ ብሎ ይዘጋዋል። በነጋታው ሞክሩ።

ሁለተኛ፣ አጻጻፉን። B እና 8፣ የወደቀችው U፣ የጎደለችው ዜሮ፣ GR በ EL ቦታ። ከማገኘው ስህተት አብዛኛው እዚህ ያልቃል።

ሶስተኛ፣ አገር ውስጥ ብቻ የተመዘገበ ይሆን? ይሄንን ብዙ አካውንታንትም አያውቀውም። ስፔንና ጣሊያን ውስጥ አንድ ነጋዴ የግብር ቁጥር ስላለው ብቻ VIES ላይ አይወጣም፣ ከሌሎች የህብረቱ አገሮች ጋር ለመነገድ ለብቻው መመዝገብ አለበት። ስለዚ የስፔኑ አነስተኛ ወፍጮ ቤት የምር ያለ፣ ግብሩን የሚከፍል ሰው ሆኖ ESB ብሎ የጻፈው ቁጥር ግን ልክ አይደለም ሊባል ይችላል። እንዲህ ካጋጠማችሁ ሰውየውን አትሳደቡ፣ የስፔን ከሆነ "ROI ውስጥ ተመዝግበሃል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት፣ ወዲያው ይገባዋል።

አራተኛ፣ ተሰርዞ ይሆናል። ንግዱን የዘጋ ወይም ግብር ቢሮ ያገደው ድርጅት ቁጥር ይጠፋል። ከዚ በፊት ፈትሻችሁት ልክ የነበረ አቅራቢ ከሆነ የድሮው ፒዲኤፍ ለድሮው ግዢ ይጠቅማችኋል፣ ለአዲሱ ግን አይሆንም።

አራቱንም አልፋችሁ አሁንም ልክ ካልሆነ ያለ ቫት የተጻፈ ኢንቮይስ አትክፈሉ።

## ደረጃ 6፦ ፊደሉ፣ አድራሻውና መጫኛው ሲለያዩ

ወረቀት ላይ ሶስት ነገር ጻፉ፦ የቫት ቁጥሩ ፊደል፣ የድርጅቱ አድራሻ አገር፣ ዕቃው የተጫነበት አገር። ለቫት ትልቁን ድርሻ የሚወስነው ሶስተኛው ነው፣ ፊደሉ ደግሞ ከሱ ጋር መግጠም አለበት። አድራሻው ብዙም አይወስንም።

አንድ የሚላን ድርጅት ጀርመን ውስጥ መጋዘን ይዞ ከዛ የሚሸጥ ከሆነ ጀርመን ተመዝግቦ DE ቁጥር ያወጣል። የቻይና ድርጅትም እንደዛው። ስለዚ አድራሻ ሚላን፣ ፊደል DE፣ ጭነት ጀርመን ከሆነ ጤናማ ኢንቮይስ ነው፣ እንደ ጀርመን ግዢ ይታያል፣ የጀርመን ቫትም ይኖረዋል።

አድራሻ ሚላን፣ ፊደል DE፣ ጭነት *ጣሊያን*፣ ቫት የለም ከሆነ ግን የተበላሸ ነው። ከጣሊያን ወጥቶ ወደናንተ ያለ ቫት የሚመጣ ዕቃ በ IT ቁጥር ነው መጻፍ ያለበት። ኢንቮይሱን መልሱና በትክክለኛው ቁጥሩ ያስተካክልላችሁ።

## በተግባር፦ ፍራንክፈርት ያለ ሱቅ፣ የአንድ ወር አራት ኢንቮይሶች

አንደኛው፦ የጤፍ ዱቄት፣ 1,800 ዩሮ፣ ቁጥሩ NL። አድራሻ ሆላንድ፣ ጭነት ሆላንድ፣ VIES ልክ ነው አለ፣ ስሙም ገጠመ። በትክክለኛ መንገድ ከሄደ ሆላንዱ ያለ ቫት 1,800 ይጽፋል፣ የሁለታችሁንም ቁጥር ያስቀምጣል። ሱቁ የጀርመኑን 7 ከመቶ፣ ማለትም 126 ዩሮ፣ ራሱ ያሳውቅና በዛው ማሳወቂያ ላይ መልሶ ይቀንሰዋል፣ ከኪሱ ምንም አይወጣም።

የመጣው ግን እንዲህ አልነበረም። ባለሱቁ ሲያዝ የራሱን DE ቁጥር ስላልሰጠ ሆላንዱ እንደ ተራ ሸማች ቆጥሮት የሆላንድን 9 ከመቶ ጨመረበት፣ 162 ዩሮ፣ ድምር 1,962። ባለሱቁ ደግሞ 162ቱን ከጀርመን ግብሩ ላይ ሊቀንስ አመጣልኝ። አይሆንም፣ NL ቁጥር ያለው የሆላንድ ቫት የሆላንድ መንግስት ገንዘብ ነው፣ የጀርመን ግብር ቢሮ አይመልሰውም። መፍትሄው አንድ ነው፦ የ DE ቁጥራችሁን ልካችሁ ኢንቮይሱ ተሰርዞ እንደገና እንዲጻፍና 162ቱ እንዲመለስ መጠየቅ። ከ2020 ጀምሮ ሻጩ ያለ ቫት ለመሸጥ የገዢው የሌላ አገር ቁጥር *ግድ* ያስፈልገዋል፣ ስለዚ ሆላንዱ አላጠፋም።

ተጠንቀቁ፦ ጀርመን ውስጥ ክላይንኡንተርኔመር ከሆናችሁ፣ ማለትም ቫት የማትሰበስቡ ትንሽ ነጋዴ፣ ይሄ ሒሳብ ይገለበጥባችኋል። የ DE ቁጥራችሁን ለሆላንዱ ከሰጣችሁ 126ቱን ታሳውቃላችሁ ግን መቀነስ አትችሉም፣ ከኪስ ነው የሚወጣው። ቁጥር ስላላችሁ ብቻ ለሁሉም አትበትኑት፣ መጀመሪያ አስሉ።

ሁለተኛው፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ 250 ዩሮ፣ ቁጥሩ DE፣ አድራሻ ሚላን። ጭነቱ ከጀርመን መጋዘን፣ 19 ከመቶ 47.50 ዩሮ ተጨምሮ 297.50። ከላይ እንዳልኩት ጤናማ ነው፣ 47.50ውን እንደማንኛውም የጀርመን ግዢ ቀነስነው።

ሶስተኛው፦ በርበሬና ሽሮ ከለንደን፣ ቁጥሩ GB። VIES ውስጥ GB ከዝርዝሩም የለም፣ የእንግሊዝ መንግስት GOV.UK ላይ የራሱ መፈተሻ አለው፣ እዛ ፈትሹት። ፊደሉ የሚነግራችሁ ዋና ነገር ይሄ ከውጭ አገር የገባ ዕቃ መሆኑን ነው፣ ልክ ከአዲስ አበባ እንደመጣ። ቫቱን የምትከፍሉት ጉምሩክ ላይ ነው፣ ለመቀነስም የሚያገለግላችሁ ጉምሩክ የሰጣችሁ ወረቀት እንጂ የለንደኑ ኢንቮይስ አይደለም። ባለሱቁ የጉምሩኩን ወረቀት ከፖስታ ቤት ሳጥኑ ጋር ጥሎት ነበር፣ እሱን ለማስመለስ የሄደው ጊዜ ከበርበሬው ዋጋ በላይ ነው።

አራተኛው፦ የካሽ ሬጅስተር ሶፍትዌር ወርሃዊ ክፍያ፣ ቁጥሩ EU። አዎ፣ EU የሚባል አገር የለም። ይሄ ከህብረቱ ውጭ ያለ ድርጅት ለአውሮፓ *ሸማቾች* አገልግሎት ሲሸጥ ቫቱን በአንድ በር የሚከፍልበት ምዝገባ ነው። VIES ላይ አትድከሙ። ፊደሉ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ነው፦ ድርጅቱ እንደ ግለሰብ ነው የመዘገባችሁ፣ ስለዚ የጨመረባችሁን ቫት መቀነስ አትችሉም። አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ የቫት ቁጥራችሁን ሙሉ፣ ያለፈውን ኢንቮይስ ደግመው እንዲጽፉ ጠይቁ፣ የሚቀጥለው ያለ ቫት ይመጣል። ቫቱን በሻጩ ፈንታ እናንተ ራሳችሁ ታሳውቁታላችሁ፣ ሪቨርስ ቻርጅ የሚባለው እሱ ነው። IM ብሎ የሚጀምር ካያችሁም ያው ዘመድ ነው፣ እስከ 150 ዩሮ የሚደርስ ከውጭ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ለሸማች ሲሸጥ የሚጠቀሙበት ነው።

## ፊደል የሌላቸው ቁጥሮች

ኖርዌይ ዘጠኝ አሃዝ ጽፋ መጨረሻው ላይ MVA ትጨምራለች፣ ፊት ለፊቱ ላይ አትፈልጉ። ዱባይና አቡዳቢ ያሉ አቅራቢዎች TRN የሚባል አስራ አምስት አሃዝ አላቸው፣ ፊደል የለውም፣ ሳውዲም አስራ አምስት አሃዝ ነው፣ በ3 ይጀምርና በ3 ያልቃል። ሁሉም VIES ውስጥ የሉም፣ የየራሳቸው ግብር ቢሮ መፈተሻ ላይ ነው የሚታዩት። የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ቫት የሚባል ነገር ስለሌለው ቁጥር ስጠኝ ብላችሁ አታስጨንቁት።

## ከኢትዮጵያ ቡና ወይ ቅመም የምትልኩ ከሆነ

የአውሮፓ ገዢ ፎርም ልኮ "የቫት ቁጥር" የሚል ሳጥን ሙሉ ሲላችሁ አስር አሃዙን ቲን እንዳለ ጻፉ። ፊቱ ላይ ET አትለጥፉ። የኢትዮጵያ ኮድ ET መሆኑ እውነት ነው፣ ግን የህብረቱ ቫት ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ገዢው ሲስተም ላይ ሲያስገባው ይጥለዋል፣ ወይም ባሰ ሁኔታ የሆነ ሰራተኛ በ EE ይቀይርላችሁና ኢስቶኒያዊ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ሳጥኑ ቁጥሩን አልቀበልም ካለ ባዶ ተዉትና በኢሜል "ከህብረቱ ውጭ ላኪ ነን፣ የህብረቱ ቫት ምዝገባ የለንም" ብላችሁ ቲኑን ላኩ።

እናንተም ገዢውን ፈትሹ። ሀምቡርግ ነኝ ያለ አዲስ ሰው ናሙና ቡና ከጠየቀ ቁጥሩን አስልኩት፣ ፊደሉ DE መሆኑንና ዘጠኝ አሃዝ መከተሉን እዩ፣ VIES ላይ አስገቡት። ስም ስለማይወጣ እዛ አትቁሙ፣ የጀርመን ንግድ መዝገብ የሆነው handelsregister.de ላይ የድርጅቱን ስም ፈልጉ፣ ከኦገስት 2022 ጀምሮ በነጻ ነው። እዛ ላይ ያለው አድራሻ ሰውየው ናሙናውን ላኩልኝ ካለበት አድራሻ ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ሀምቡርግ ነኝ እያለ ቁጥሩ PL ወይም BG ከሆነ፣ ናሙናው ከመላኩ በፊት በጽሁፍ ያስረዳ፦ ዕቃውን የሚቀበለው የትኛው መጋዘን ነው፣ ጉምሩክ የሚያስጨርሰውስ በማን ቁጥር ነው?